«እንዴት ነህ?» መቼ ጥያቄ ይሆናል?

ከውጭ አገር ለእረፍት የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ይህቺን ወቀሳ ሳታውቋት አትቀሩም። ሻንጣው ተፈትቶ ሳያልቅ «እናንተ ሰዎች ግን ሰላምታችሁ!» ብሎ ይጀምራል። «ሁለት ሰው መንገድ ላይ ይገናኝና ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ ልጆች ደህና፣ ቤተሰብ ደህና፣ ሥራ ደህና፤ ከዚያ እንደገና ከደህና ነህ ይጀመራል። መልሱን የሚሰማ የለም! ሰውየው ደመወዙ ካለቀ አስር ቀን ሆኖታል፣ ወገቡን ያመዋል፣ ከሚስቱ ጋር ተኳርፏል፤ ሲጠይቁት ግን ደህና ነኝ ይላል። ይሄ ውሸት አይደለም?»

እኛም የተማርን የምንባለው፣ ሌላው ቢቀር በምሁርነታችን እንዳንጠረጠር፣ ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን እንስማማለን። ክሱ እንግዲህ ሁለት ነው። አንደኛው ሰላምታችን ጊዜ ያባክናል የሚል፣ ሁለተኛው ደግሞ ያስዋሻል የሚል። እኔ ለሁለቱም ክሶች ጠበቃ ሆኜ መቆም እችላለሁ። የሚያሳስበኝ ማንም ያላነሳው ሦስተኛ ክስ ነው፤ እሱ ላይ ግን መከላከያ የለኝም። ተራ በተራ እንያቸው።

እስቲ ማለዳ በመቐለ፣ በሮማናት አደባባይ አካባቢ ቆም እንበል። አንድ ጎልማሳ ወደ ሥራው ይጣደፋል፤ ከፊት ለፊቱ ነጠላ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ አባት ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳሉ። ጎልማሳው ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ይይዛል።

«ከመይ ሓዲርኩም ኣቦይ?»

«እግዚኣብሄር ይመስገን። ከመይ ሓዲርካ ወደይ?»

«ይመስገን። ደሓንዶ ኣለኹም?»

«ደሓን። ቆልዑት ደሓንዶ?»

«ደሓን፣ ይመስገን።»

በአማርኛ ብንለውም ያው ነው፤ እንዴት አደሩ አባቴ፣ ይመስገን፣ እንዴት አደርክ ልጄ፣ ደህና ነዎት፣ ልጆች ደህና። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ግን ሦስት ነገሮች ይታዩዋችኋል። በመጀመሪያ፣ የአንዱ መልስ ሳያልቅ የሌላው ጥያቄ ይነሳል፤ ድምፆቹ ይደራረባሉ። መልስ የፈለገ ጠያቂ ደግሞ አይደርብም፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ እጅ ለእጅ ከተያያዙ እስኪያልቅ ድረስ አይለቃቀቁም። የሚያልቀውም ወሬ ስለተሟጠጠ አይደለም፤ ለዕድሜያቸውና ለትውውቃቸው የሚበቃው ዙር ስለሞላ ነው። ሦስተኛ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዳቸውም ስለሌላው ያወቁት አዲስ ነገር የለም።

ታዲያ ምን ሠሩ? ማሊኖቭስኪ የተባለው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1923 ለሌሎች ሰዎች መጽሐፍ ተጨማሪ አድርጎ ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ዓይነቱን ንግግር ለይቶ ስም አውጥቶለታል። ሐሳብ የማያስተላልፍ፣ ሰውን ከሰው ጋር ለማሰር ብቻ የሚነገር ንግግር አለ ነው የሚለው። በመልካም ጠባይ ባልታወቀ ሰው ፊት ዝምታ ያስፈራል። ቃሉ ያንን ፍርሃት ይሰብረዋል። የእኛ አባትና ጎልማሳም የተለዋወጡት ይህንኑ ነው፤ «አየሁህ፣ አላለፍኩህም፣ በመካከላችን ቂም የለም»። ሰላምታ መንሳት በአገራችን ከስድብ የሚቆጠረውም ለዚህ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ሲጣሉ የመጀመሪያው ምልክት ምንድን ነው? ሰላም አለመባባል አይደል? ሲታረቁስ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚያዝዘው ምንድን ነው? ተነሱና ተሳሳሙ። ይህን ያህል ሥራ የሚሠራ አምስት ደቂቃ ባከነ አይባልም። የመጀመሪያው ክስ በዚህ ይዘጋልኝ።

ወደ ውሸቱ እንለፍ። እዚህ ላይ የቀድሞ ሙያዬ ትንሽ ሰዋስው ያስነካካኝ። «ደህና ነኝ» ዓረፍተ ነገር ነው፤ እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ግን ምኞት ነው። «ይመስገን» እንደ «ይባረክ»፣ እንደ «ይማርህ» ያለ ግስ ነው፤ ስለ ተናጋሪው ጤና፣ ኪስ ወይም ትዳር የሚለው አንዳች ነገር የለም። የታመመ ሰው ይለዋል፣ ያዘነ ሰው ይለዋል፤ ማንም «ዋሸህ» ሊለው አይችልም። የሙስሊሙ ወንድማችን «አልሐምዱሊላህም» እንዲሁ ነው። የእኛ ቀደምቶች መልሱን ሲያበጁት ጠያቂውን ሳያሳፍር፣ ተጠያቂውንም ሳያስዋሽ የሚያሳልፍ አንድ መሿለኪያ አዘጋጅተውለታል። እንግሊዝኛውን ክፍል ውስጥ ስንማር ግን እንዲህ ያለ መሿለኪያ አልተሰጠንም። መምህሩ ሲገባ ስድሳ ተማሪ ብድግ ይልና «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ ሰር!» ይላል፤ ቁርስ የበላውም ያልበላውም እኩል ፋይን ነው። ለውሸት ክሱ ተጠያቂ ከተፈለገ እሱ ይጠየቅ!

ጥያቄውም ቢሆን ስለ ሰውየው ሁኔታ ነው ለማለት ያስቸግራል። ግሶቹን ደርድሯቸው፤ አደርክ፣ ዋልክ፣ አመሸህ፣ ሰነበትክ፣ ከረምክ። በትግርኛውም ሓዲርካ፣ ውዒልካ፣ ኣምሲኻ፣ ቀኒኻ፣ ከሪምካ አለ። እነዚህ ሁሉ የጊዜ ግሶች ናቸው። ማታ ተለያይተን ጠዋት ብንገናኝ አደርክ፣ ለጥቂት ቀናት ተጠፋፍተን ብንገናኝ ሰነበትክ፣ ክረምቱ በመካከላችን ካለፈ ከረምክ። ሰላምታ ሰጪው በቅድሚያ የሚነግረን «አንተን ካየሁ ይህን ያህል ጊዜ ሆኖኛል፣ ቆጥሬዋለሁ» የሚለውን ነው። የተሳሳተ ግስ የመረጠ ሰውም ወቀሳ ይደርስበታል፤ ወር ሙሉ ጠፍቶ የመጣ ሰው «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ ሲገባ «አሁን እኛ ትናንት የተለያየን ነን?» ትለዋለች የቤቱ እመቤት። ቅር ያሰኛት ክፍተታቸውን አለመቁጠሩ ነው።

አሁን ያ ማለዳ ያየነው ጎልማሳ፣ «ደሓንዶ ኣለኹም» ተብሎ በሚመለስበት ቦታ ላይ፣ «ደህና አይደለሁም፣ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም» ቢል ምን ይሆናል? አባት ይቆማሉ። እጃቸው እጁን እንደያዘ ይቀራል። «ዋይ! እንታይ ኮንካ?» ይላሉ፣ ምን ሆንክ ማለታቸው ነው። ከዚህ በኋላ መሄድ አይችሉም። ምክንያቱን መስማት፣ መድኃኒት መጠቆም፣ ምናልባትም አብረውት መሄድ አለባቸው። እሱም ቢሆን ምክንያቱን መናገር ይጠበቅበታል፤ ምክንያቱ ደግሞ ለሚስቱ እንኳ ያልነገረው ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ሃርቬይ ሳክስ የተባለ አሜሪካዊ የንግግር አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ ጽሑፉ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ርእሱ በአማርኛ ሲመለስ «ሁሉም ሰው መዋሸት አለበት» ማለት ነው። ሙግቱ ቀላል ነው። ሰላምታውን ሊጠይቀኝ መብት ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ጎረቤት፣ ባለሱቅ፣ የልጄ አስተማሪ፣ አለቃዬ። ችግሬን ልነግረው የሚገባኝ ሰው ግን ጥቂት ነው። «ደህና አይደለሁም» ካልኩ ደግሞ «ለምን?» መከተሉ አይቀርም፤ «ለምን» ከተባልኩ ለማይገባው ሰው ልነግር ነው። ስለዚህ ያን በር ላለመክፈት የመጀመሪያውን መልስ ደህና ማድረግ ግድ ይላል። እንግዲህ ሳክስ ስለ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲጽፍ መዋሸት አለበት አለ፤ ይመስገንን ቢያውቅ ኖሮ ርእሱን ትንሽ ያለዝበው ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ይህ ማለት ግን ከሰላምታ ውስጥ ምንም አይሰማም ማለት አይደለም። የሳክስ ተማሪ የነበረችው ጌይል ጀፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው ጥናት በጣም ጠቃሚ ነገር አስተውላለች። ችግር ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጥፎ ነኝ አይልም። ከተለመደው መልስ አንዲት ደረጃ ብቻ ዝቅ ይላል፤ እንግሊዝኛው ላይ «ደህና» በሚባልበት ቦታ «ደህና ነኝ መሰለኝ» እንደማለት ያለ ነገር። በሩን አይከፍተውም፣ አይዘጋውምም፤ ገርበብ ያደርገዋል። ጠያቂው ከፈለገ ይገፋዋል፣ ካልፈለገ ያልሰማ መስሎ ያልፋል፤ ማንም አያፍርም።

በእኛ ቋንቋ ይህ መሰላል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከላይ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ሳይቆረጥ። ከዚያ «ደህና»። ከዚያ «አለሁ»። ከዚያ «አለን እንግዲህ»። ከዚያ «ምን እላለሁ፣ ይመስገን»። ዝቅ ሲል ደግሞ «ከመሞት መሰንበት»። ትግርኛው «ኣለና» ይላል፤ አለን፣ በሕይወት ነን። በየደረጃው ቃሉ ከምስጋና ወደ መኖር እየጠበበ ሲሄድ ተመልከቱ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን መሰላሉ የሚነበበው ከዚያው ሰው የዘወትር ልማድ አንጻር መሆኑ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ከመሞት መሰንበት» ሲሉ የኖሩ አዛውንት አሉ፤ ለእሳቸው ይህ ይመስገን ማለት ነው፤ እንዲያውም አንድ ቀን ዝም ቢሉ ነው የሚያስደነግጠው። በተቃራኒው፣ ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና!» የምትል ጎረቤት አንድ ቀን «አለሁ» ብቻ ብላ ካለፈች፣ ያች «አለሁ» ከሌላው ሰው ለቅሶ ትበልጣለች።

እስካሁን ጠበቃ ነበርኩ። አሁን ወደ ሦስተኛው ክስ፣ መከላከያ የለኝም ወዳልኩት ልምጣ። ክሱ ይህ ነው፤ እውነተኛ ጥያቄ ሲመጣብን ባልተጠራበት ቦታ የሰላምታውን መልስ እናወጣለን። እኛ መቐለዎች ይህንን በሚያስከፍል ዋጋ ተምረናል።

ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም ሲጀመር ስልክ ተቋረጠ። በመካከሉ ለጥቂት ወራት በከተማው ተከፍቶ፣ ከሰኔ 2013 ማብቂያ ጀምሮ እንደገና ጭልም አለ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም ተፈርሞ፣ በታኅሣሥ ወር ስልኩ እስኪመለስ፣ የመጀመሪያው የመንገደኛ አውሮፕላንም ታኅሣሥ 19 መቐለ እስኪያርፍ ድረስ፣ አዲስ አበባ ያለ ልጅ እናቱ በሕይወት መኖሯን የሚያውቅበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። በእነዚያ ወራት ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለተለያዩ ቤተሰቦች «ደህና ነኝ» የምትል አጭር መልእክት ያደርስ ነበር። አስቡት፤ ያቺ በየማለዳው እንደ ትቢያ የምንበትናት ቃል፣ ሌላ ምንም ሳይጨመርባት፣ የሰው ልጅ ሊቀበል ከሚችለው ዜና ሁሉ ትልቁ ሆነች። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። «እንዴት ናችሁ» በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ጥያቄ ሆነ። ከግሶቻችን ውስጥ ያን ክፍተት የሚለካም አልተገኘም፤ ሰነበታችሁ አይሆን፣ ከረማችሁ አይሆን።

ስልኩ ሲከፈት ታዲያ ምን ሆነ? ልጁ ይደውላል። አክስቱ ታነሳለች። ለቅሶና ሳቅ ይደባለቃል። ይመስገን፣ ይመስገን ይባባላሉ። ከዚያ ልጁ «እናቴስ?» ይላል። አክስቱ ፈጠን ብላ «ደህና ናት፣ ይመስገን» ትልና ስልኩን ለሌላ ሰው ትሰጣለች። ያም ሰው ስለ ብር፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ዋጋ ያወራል። ልጁ «እስቲ እናቴን አቅርቡልኝ» ሲል «ተኝታለች»፣ በማግስቱ «ወጣ ብላለች»፣ በሦስተኛው ቀን «ኔትወርኩ ይቆራረጣል»። በዚህ ከተማ ይህን ታሪክ፣ ስሙን እየቀያየረ፣ ያልሰማ ቤት ያለ አይመስለኝም።

አክስቲቱን ለመፍረድ አትቸኩሉ። በአማራውም በትግራዩም ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ዘመዱ መሞቱን የሚሰማው ብቻውን ሆኖ አይደለም። ዘመድና ጎረቤት አስቀድሞ ተማክሮ፣ ብዙውን ጊዜ ማለዳ፣ ሽማግሌና የነፍስ አባት ይዞ ቤቱ ይሄዳል፤ የሚይዘው፣ የሚደግፈው፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ከነገሩ በፊት ይደርሳል። ዜናውን የማቆየቱ ዓላማ ይኸው ነው፤ ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ። ስለዚህ ይህ ማቆየት የጊዜ ገደብ አለው፤ ሰዓታት ነው፣ ቢበዛ ጥቂት ቀናት። አክስቲቱ የገባችበት ችግር ልማዱ የተሠራበት ሁኔታ አለመኖሩ ነው። ልጁና እሷ መካከል መንገድ የለም፣ የሚሄድለት ሽማግሌም ከእሷ ዘንድ የለም። ያን ጊዜ ማቆየቱ ማለቂያ የሌለው ይሆናል፤ ማለቂያ የሌለው ማቆየት ደግሞ ውሸት ነው። ልጁ እናቱን በሕይወት አለች ብሎ ብር ይልካል፣ ልብስ ይገዛል፤ በኋላ ሲሰማ የሚያለቅሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለእናቱ፣ አንዴ ለተታለለባቸው ወራት።

ልማዱን ያልጣሱ፣ ልጁንም ያላታለሉ ቤተሰቦች ያደረጉት ሌላ ነው። ለልጁ አልደወሉም። አዲስ አበባ ያለ ሌላ ዘመድ ወይም የሰፈር ልጅ ፈልገው ለእሱ ነገሩት። ያ ዘመድ ሰዎች ሰብስቦ፣ በማግስቱ ማለዳ የልጁን በር አንኳኳ። ስልኩ ሥራውን ሠራ፣ መርዶውም በእግሩ ሄደ። ቀላል ይመስላል፤ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል። «እናቴስ?» የሚለው ቃል ሲሰማ፣ ይህ የሰላምታ ዙር አይደለም ብሎ ማወቅን። ምልክቱ አለ። በሰላምታ ጊዜ «ቤተሰብ ደህና?» ይባላል፤ በጅምላ፣ በፍጥነት፣ ሳይጠበቅ። ጥያቄው አንድ ሰው ለይቶ ከጠራ፣ ከተባለም በኋላ ጠያቂው ዝም ብሎ ከጠበቀ፣ ለሁለተኛ ጊዜም ከተደገመ፣ ሰላምታው አልቋል። ከዚያ ወዲያ ይመስገን መልስ አይሆንም።

የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ለተሰዉ ታጋዮች ከጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የሦስት ቀን ሐዘን ባወጀበት ጊዜ፣ በየቤቱ ሲቆይ የነበረው መልስ ባንድ ላይ ወጣ። ስምምነቱ ከተፈረመ ወደ አንድ ዓመት ሊጠጋ ነበር። በዚያ ዓመት ውስጥ ስንት እናት ስለ ልጇ ጠይቃ «ደሓን እዩ» ተብላ እንደሆነ የሚቆጥር የለም። ስንቷስ ከመልሱ ፍጥነት አውቃው፣ እንደማታውቅ ሆና፣ እሷም በተራዋ «ይመስገን» ብላ እንደመለሰች።

ይህ የጦርነት ነገር ነው፣ አሁን አልፏል የሚል አይጠፋም። ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ ታዲያ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ገብተው ይቀመጣሉ። ባለሙያዋ ጨዋ ናት፤ «ከመይ ኣለኺ ኣደይ?» ትላለች። እናት «ጽቡቕ፣ እግዚኣብሄር ይመስገን» ይላሉ። ባለሙያዋ ወረቀቷ ላይ ትጽፋለች፤ በሽተኛዋ ደህና ናቸው፣ የተለየ ስሞታ የላቸውም። እናት ግን ስለ ጤናቸው የተናገሩት ነገር የለም፤ ሰላምታ ነው የመለሱት! ይመስገንን እንደ ምርመራ ውጤት መዝገብ ላይ ማስፈር፣ የልደት ካርድ እንደ መታወቂያ እንደማቅረብ ነው።

መፍትሔው ሰላምታውን መዝለል አይደለም። ሰላምታ የተነፈገ በሽተኛ ተከብሬያለሁ አይልም፤ ያልተከበረ ሰው ደግሞ ገመናውን አያወጣም። ዙሩ እስኪሞላ መጠበቅ፣ ከዚያ ወንበር ጠጋ አድርጎ በይመስገን የማይመለስ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኙ? ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ? ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ምን ምን ቀመሱ? ይህቺን ደረጃ ሲወጡ ስንት ጊዜ አረፉ? «ስንት» ለተባለ ጥያቄ ምስጋና መልስ አይሆንም። ቁጥር መጥራት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ሲጠራ ሦስት ሌሊት ያለመተኛታቸው ይወጣል። አስተማሪም፣ አለቃም፣ ከሩቅ የሚደውል ልጅም ይህቺን ቢይዛት ይጠቅመዋል። እናታችሁን «እንዴት ነሽ?» ብትሏት ይመስገን ትላችኋለች። «ዛሬ ምሳ ምን በላሽ?» በሏት፤ ዝም ካለች መልሱን አገኛችሁ።

አሁን ወደ ተጠያቂው ልመለስ፤ መቼ ነው በሐቅ መመለስ ያለብን? እኔ የምለው፣ መልሱ ጠያቂው ዛሬ ወይም ነገ የሚያደርገውን ነገር የሚለውጥ ከሆነ፣ ሐቁ ይነገር ነው። ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት በመልሳችሁ ይለወጣል። አብሯችሁ ሌሊት ሊነዳ ያለ ሹፌር እንቅልፍ እንዳልተኛ፣ ወይም እናንተ እንዳልተኛችሁ፣ ማወቁ መንገዱን ይለውጠዋል። ብር ሊልክ ያለ ወንድም፣ የእናቱን መኖር አለመኖር የጠየቀ ልጅ፣ መልሱ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ሊያደርግ ነው። የባለሱቁ «ደህና ነህ?» ግን የስኳሩን ሚዛን አይለውጠውም፤ ለእሱ ይመስገን ሙሉ ክፍያ ነው። ደጋግማችሁ ለሁሉም ሐቅ ልንገር ብትሉ ደግሞ፣ ሰዎች መንገድ መቀየር ይጀምራሉ፤ እውነት የሚጠይቋችሁን ጥቂቶችንም ጭምር ታጣላችሁ።

ሁለተኛው መለኪያ ጥያቄው የመጣበት መንገድ ነው። ዙሩ ካለቀ በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደህና ነህ ግን?» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ያቺን «ግን» ልብ በሏት። ያቺ «ግን» የመጀመሪያውን መልስህን ሰምቼዋለሁ፣ አላመንኩትም፣ ጊዜ አለኝ ማለት ናት። ለእንዲህ ያለ ሰው ደግማችሁ ይመስገን ካላችሁ፣ ሰላምታ አልመለሳችሁም፤ በር ነው የዘጋችሁት። መዝጋት መብታችሁ ነው፤ እየዘጋችሁ መሆኑን ግን እወቁት።

ቦታው የማይመች ከሆነ መካከለኛውን መንገድ ያዙ። መሰላሉ ለዚህ ነው የተሠራው። «አለሁ እንግዲህ፣ ማታ እደውልልሃለሁ» ማለት ሐቅ ነው፤ ገመና ግን አያወጣም። የሚሰማውም ወገን አደብ ይኑረው። ሰው «አለን» ሲል ሕዝብ መሐል ቆሞ «ምነው? ምን ሆንክ? ከስተሃል!» ማለት ደግነት መስሎን ብዙ ጊዜ እናደርገዋለን። ሰውየው ያኔ ወዲያው ወደ ይመስገን ይሸሻል፣ ሁለተኛም አይመለስም። «ማታ ቤት ልምጣ?» ወይም «ቡና እንጠጣ» ይበቃል። ቡና ላይ ደግሞ መቸኮል የለም። አቦሉ በሰላምታና በወሬ ያልቃል፤ የሰው ሐቅ ብዙ ጊዜ ቶናው ላይ ነው ብቅ የሚለው፣ ሲኒውን እያየ፣ ቀና ሳይል። አቦል ጠጥቶ የሚነሳ እንግዳ የሚያጣው ቡናውን ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ከውጭ የመጣው ዘመዳችን ደግሞ ቢከስሰን የምነግረው ይህንን ነው። ማለዳ በመንገድ የምንለዋወጠው ሰላምታ የቆየ ገመድ ነው፣ ተወው፣ አትንካብን። ያቺኑ ገመድ ይዘን የሐኪም ክፍል ከገባን፣ ወይም እናቱን ለጠየቀ ልጅ ካቀበልነው ግን፣ ያን ጊዜ ክሰሰን፤ እኔም ከአንተ ጎን እቆማለሁ።

ቸር እንሰንብት።